ሥራው ዘግይቶ ወረቀቱ ሲያገግም፦ «የተገኘ ጊዜ» ስሌት ደረጃ በደረጃ

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። ጎንደር ዝናቡ አልለቀቀም። የሳይት ስብሰባ ላይ ተቀምጠን የወሩን ሪፖርት እናያለን። ሕንፃው ባለ ሁለት ፎቅ የመማሪያ ክፍሎች ብሎክ ነው። ሰኔ 30 ማለቅ ነበረበት፣ አላለቀም። ወረቀቱ ላይ ግን የጊዜ አፈጻጸም 0.94 ይላል። ሰኔ ላይ 0.82 ነበር። «ጥሩ ተሻሽሏል» አለ አንዱ፣ ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ፎርማናችን ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ቆየ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው። በመጨረሻ «ኢንጂነር፣ ይሄ ቁጥር ልጆቹ መቼ እንደሚገቡ ይናገራል?» አለኝ። አይናገርም ነበር። እንዲያውም በዚያ ቁጥር የማጠናቀቂያ ቀን ሲሰላ ሥራው 10.7 ወር ይፈጃል ይላል። እኛ የተቀመጥነው 12ኛው ወር መጨረሻ ላይ ነው። ገና ያላለቀ ሥራ ከወር በላይ ቀድሞ አልቋል እንደማለት ነው።

ሪፖርቱን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፣ ስለዚህ ጥፋቱን ለሌላ አላሻግርም። ስሌቱ አልተሳሳተም። የተሳሳትኩት መጠቀም በሌለብኝ ሰዓት መጠቀሜ ነው። ከዚያ ወዲህ የምሠራበትን መንገድ እነሆ። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ አስተካክያቸዋለሁ፣ የነገሩ አካሄድ ግን ያው ነው።

መጀመሪያ በሽታው ምንድን ነው?

የተለመደው የጊዜ ልዩነት፣ ማለትም ስኬጁል ቫሪያንስ፣ የሁለት ገንዘቦች ልዩነት ነው። አንዱ እስከዛሬ ሊሠራ የታቀደው ሥራ ዋጋ ነው። ሌላው እስከዛሬ በእርግጥ የተሠራው ሥራ በውሉ ዋጋ ሲተመን የሚያወጣው ነው። ሁለተኛው ሲቀነስ አንደኛው ልዩነቱን ይሰጣል። ሲካፈል ደግሞ አመልካቹን፣ ያን 0.94 ዓይነት ቁጥር ይሰጣል።

ሁለት ሰዎች ከፒያሳ ወደ አዘዞ በእግራቸው ተነሡ እንበል። አንዱ ዕቅዱ ነው፣ ሌላው እኛ ነን። ዕቅዱ ፈጠን ይላል፣ እኛ እንዘገያለን፣ በመካከላችን ያለው ርቀት እየሰፋ ይሄዳል። ከዚያ ዕቅዱ አዘዞ ይደርሳል። እዚያ ቁጭ ብሎ ቡና ያዛል። እኛ አሁንም እየሄድን ነው። ከዚህ በኋላ በመካከላችን ያለው ርቀት በየደቂቃው ይጠባል። እኛ ስለፈጠንን አይደለም፣ እሱ ስለቆመ ነው። አዘዞ ስንደርስ ርቀቱ ዜሮ ነው። ሁለት ሰዓት ብንዘገይም ዜሮ፣ ሁለት ቀን ብንዘገይም ዜሮ።

ፕሮጀክትም እንደዚሁ ነው። የታቀደው ዋጋ ከጠቅላላ በጀቱ በላይ አይሄድም። ሥራው የፈለገውን ያህል ዘግይቶ ሲያልቅ የተሠራውም ዋጋ እዚያው በጀት ላይ ይደርሳል። ልዩነቱ ዜሮ፣ አመልካቹ 1.00 ይሆናል። ሁሌም። እንግዲህ ቁጥሩ መዋሸት የሚጀምረው የዘገየ ፕሮጀክት ወደ ማለቂያው ሲጠጋ ነው። ባለቤቱ ቁጥሩን አጥብቆ የሚፈልገውም ያኔ ነው።

መፍትሔውን በ2003 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ዋልት ሊፕኬ የሚባል አሜሪካዊ ነው። ኦክላሆማ በሚገኘው የቲንከር አየር ኃይል ሰፈር በሶፍትዌር ክፍል ይሠራ ነበር። ሐሳቡ ሲያዩት «ይሄን እኔም አስበው ነበር» የሚያሰኝ ነው። በእኛና በዕቅዱ መካከል ስንት ኪሎ ሜትር አለ ብለህ አትጠይቅ፤ እኛ አሁን የቆምንበት ቦታ ላይ ዕቅዱ ስንት ሰዓት ላይ ነበር ብለህ ጠይቅ። ያ ሰዓት «የተገኘ ጊዜ» ይባላል። ከዛሬው ሰዓት ሲቀነስ መዘግየቱ በቀጥታ በጊዜ ይወጣል። ዕቅዱ አዘዞ ቁጭ ብሎ ቡና ቢጠጣም ያለፈበት ሰዓት አይለወጥም።

ደረጃ 1፦ ዕቅዱን በየወሩ አጠራቅመህ ጻፍ

የሚያስፈልገው አንድ ነገር ነው። በእያንዳንዱ ወር መጨረሻ እስከዚያ ድረስ ሊሠራ የታቀደው ሥራ ጠቅላላ ዋጋ። የየወሩ ብቻ ሳይሆን ከመጀመሪያው ጀምሮ የተጠራቀመው። የእኛ ውል 20 ሚሊዮን ብር፣ 10 ወር፣ ከመስከረም እስከ ሰኔ ነበር። የሚከተለው ሠንጠረዥ ዕቅዱንና በኋላ የተገኘውን ሥራ በሚሊዮን ብር ያሳያል። ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር አድርጌዋለሁ።

| ወር | የታቀደ | የተሠራ |
|---|---|---|
| 1 መስከረም | 0.8 | 0.6 |
| 2 ጥቅምት | 2.0 | 1.5 |
| 3 ኅዳር | 4.0 | 3.0 |
| 4 ታኅሣሥ | 6.5 | 5.0 |
| 5 ጥር | 9.5 | 7.0 |
| 6 የካቲት | 12.5 | 9.2 |
| 7 መጋቢት | 15.0 | 11.3 |
| 8 ሚያዝያ | 17.0 | 13.1 |
| 9 ግንቦት | 18.8 | 14.8 |
| 10 ሰኔ | 20.0 | 16.4 |
| 11 ሐምሌ | – | 17.6 |
| 12 ነሐሴ | – | 18.7 |
| 13 መስከረም | – | 20.0 |

ዕቅዱ ውስጥ አንድ ነገር እይ። ጥር ላይ 3 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ሥራ ተጭኗል፣ ከየትኛውም ወር የማያንስ። ዕቅዱን ያወጣው ሰው ጎንደርን አያውቃትም ማለት ነው። በጥምቀት ሰሞን እዚህ ከተማ ሳይት ላይ ሠራተኛ ማግኘት ዘበት ነው። ከዚያ ደግሞ ሠርጉ ይቀጥላል። ጥር ላይ የተሠራው 2 ሚሊዮን ብቻ ነበር። ስሌቱ ይህን አያርምልህም። መጥፎ ዕቅድ ይዘህ ብትነሣ ከመጥፎ ዕቅድ ምን ያህል እንደዘገየህ ነው የሚነግርህ።

ደረጃ 2፦ የተሠራውን ከሳይት ለካ

እዚህ ላይ ረጋ እንበል፣ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነውና። የተሠራውን ዋጋ ለማግኘት ቀላሉ ነገር የወሩን የክፍያ ሰርተፍኬት ማየት ይመስላል። እኔም መጀመሪያ ያን ነበር ያደረግኩት። ሰርተፍኬቱ ግን ስለ ክፍያ ነው፣ ስለ ሥራ አይደለም።

ቅድሚያ ክፍያ አለበት፣ እሱ ገና ያልተሠራ ሥራ ነው። ተጨማሪ እሴት ታክስ አለበት። የተያዘ መያዣ ይቀነስበታል። የዋጋ ማስተካከያ ከተፈቀደ ደግሞ ያው አንድ ኪዩብ አርማታ ከበፊቱ በበለጠ ብር ይመዘገባል፤ ሥራው ሳይጨምር ቁጥሩ ይጨምራል። ሁሉንም ታወጣለህ። በመጀመሪያው የውል ዋጋ ብቻ ትተምናለህ፣ ምክንያቱም ዕቅዱም የተሠራው በዚያ ዋጋ ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን ሳይት ላይ የገባ ዕቃ ነው። ፌሮ በመኪና መጥቶ ግቢ ውስጥ ሲራገፍ ሰርተፍኬቱ ላይ ይገባል። ያ ፌሮ ግን ገና አልታጠፈም፣ አልታሰረም። አንድ ወር ላይ ይህን ሳላወጣ ቀርቼ የተገኘው ጊዜ በአንዴ ዘለለ፣ በሚቀጥለው ወር ደግሞ ምንም ሳይንቀሳቀስ ቀረ። እንደዚህ ያለ ዝላይና ዝምታ ካየህ መጀመሪያ የምትጠረጥረው የዕቃ ዋጋን ነው። መድኃኒቱ ሜትር ይዞ ሳይት ላይ መውጣት ነው። የተሞላው አርማታ ስንት ኪዩብ፣ የተሠራው ብሎኬት ስንት ካሬ፣ በውሉ ነጠላ ዋጋ ተባዝቶ።

ተጨማሪ ሥራ ከታዘዘም ዕቅዱ ውስጥ ሳታስገባ የተሠራው ላይ ብቻ አትደምረው። ወይ ሁለቱም ላይ ይግባ፣ ወይ ከሁለቱም ይውጣ።

ደረጃ 3፦ ዕቅዱ እዚህ የነበረው መቼ ነው?

የካቲት መጨረሻን እንያዝ። 6 ወር አልፏል። የተሠራው 9.2 ሚሊዮን ነው። አሁን የታቀደውን ዓምድ ከላይ ወደታች ውረድ። 9.2 የት ነው የሚወድቀው? የ4ኛው ወር 6.5 ነው፣ አልፈነዋል። የ5ኛው 9.5 ነው፣ አልደረስንም። ስለዚህ ሙሉ 4 ወር አግኝተናል፣ ከ5ኛው ደግሞ ከፊሉን።

ከፊሉ ስንት ነው? በ5ኛው ወር ሊሠራ የታቀደው 9.5 ሲቀነስ 6.5፣ 3 ሚሊዮን ነው። እኛ ከ6.5 በላይ ያለን 2.7 ነው። 2.7 ለ3 ሲካፈል 0.9። የተገኘው ጊዜ 4.9 ወር ሆነ። ባጭሩ፣ በ6 ወር ውስጥ የ4.9 ወር ሥራ ሠርተናል።

በኤክሴል ወሮቹን `A`፣ የታቀደውን `B`፣ የተሠራውን `C` ዓምድ ላይ አድርግ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ወር 0፣ ዋጋ 0 ጻፍ፣ አለዚያ የመጀመሪያው ወር ስህተት ያመጣል። እንዲህ ሲሆን የካቲት 8ኛው ረድፍ ላይ ይውላል።

```
D8: =MATCH(C8,$B$2:$B$12,1)-1
E8: =IF(C8>=$B$12,$A$12,D8+(C8-INDEX($B$2:$B$12,D8+1))/(INDEX($B$2:$B$12,D8+2)-INDEX($B$2:$B$12,D8+1)))
F8: =E8/A8
G8: =$A$12/F8
```

`D` ሙሉ ወሮቹን፣ `E` የተገኘውን ጊዜ፣ `F` ፍጥነቱን፣ `G` የሚያልቅበትን ወር ይሰጣል። ፍለጋው `B12` ላይ፣ ማለትም ሰኔ ላይ ይቆማል። ከሰኔ በኋላ ላሉት ረድፎችም ቀመሩን እንዳለ ወደታች ጎትተው።

ደረጃ 4፦ መዘግየቱን፣ ፍጥነቱንና ማለቂያውን አውጣ

4.9 ሲቀነስ 6፣ ከዕቅዱ 1.1 ወር ወደኋላ ነን። 4.9 ለ6 ሲካፈል ፍጥነታችን 0.82 ነው። የታቀደው 10 ወር ለዚህ ፍጥነት ሲካፈል 12.24 ወር ይመጣል። መስከረም 7 አካባቢ ማለት ነው። ልብ በል፣ ይህ የተሰላው ገና በየካቲት ቁጥር ነው። ትምህርት ሊጀመር ሲል ቀለም እየቀባን እንደምንሆን ከግማሽ ዓመት በፊት ወረቀቱ ላይ ነበር። ያየው ሰው ግን አልነበረም።

አሁን አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን እንይ። ሁለተኛው ዓምድ በሚሊዮን ብር፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በወር ናቸው።

| ወር | አሮጌው ልዩነት | አሮጌው አመልካች | የተገኘ ጊዜ | መዘግየት |
|---|---|---|---|---|
| 6 የካቲት | -3.3 | 0.74 | 4.90 | -1.10 |
| 9 ግንቦት | -4.0 | 0.79 | 6.92 | -2.08 |
| 10 ሰኔ | -3.6 | 0.82 | 7.70 | -2.30 |
| 12 ነሐሴ | -1.3 | 0.94 | 8.94 | -3.06 |
| 13 መስከረም | 0 | 1.00 | 10.00 | -3.00 |

ግንቦት ላይ ቆም በል። አሮጌው ልዩነት ጫፍ የደረሰው እዚያ ነው፤ ከዚያ ወዲህ እየተሻሻለ ይሄዳል። በዚያው ጊዜ እውነተኛው መዘግየት ከ2 ወር ወደ 3 ወር አደገ። ክረምቱ ገባ፣ የውጭ ልስን ቆመ፣ ሠራተኛው ወደ እርሻው ሄደ። ሥራው ሲታመም ወረቀቱ ዳነ።

አሮጌውን አመልካች ግን ሙሉ በሙሉ አልጥለውም። ሥራው እስከ ግማሹ ድረስ አዝማሚያውን በደህና ይጠቁማል። የታቀደው ኩርባ መተኛት ከጀመረ በኋላ ነው የማያምኑት። እኛ ጋ ከመጋቢት በኋላ ያ ጊዜ ደረሰ።

ደረጃ 5፦ «እንደርሳለን» ሲሉህ መፈተኛ

ሁሌም የሚባል ነገር አለ፦ «ችግር የለም፣ እናካክሰዋለን»። ይህን በቁጥር መጠየቅ ይቻላል። የቀረውን የታቀደ ጊዜ ለቀረው የቀን መቁጠሪያ ጊዜ አካፍል። በኤክሴሉ ላይ እንዲህ ይጻፋል፦

```
H8: =($A$12-E8)/($A$12-A8)
```

ይህ ከአሁን በኋላ በምን ፍጥነት መሥራት እንዳለብን ይናገራል። ሙያው ውስጥ የተለመደው መስመር 1.10 ነው። ከዚያ ካለፈ በታቀደው ቀን መጨረስ የማይመስል ነገር ይሆናል። እኛ ኅዳር ላይ 1.07 ነበርን። ታኅሣሥ ላይ 1.10 ጫፉ ላይ ቆምን። ጥር 1.17፣ የካቲት 1.28 ሆነ። ሚያዝያ ላይ 1.88 ደረሰ። እስከዚያ በ0.78 ፍጥነት የሠራ ሰው በድንገት ከእጥፍ በላይ ይሮጣል እንደማለት ነው። ሚያዝያ ላይ ሁለተኛ ፈረቃ ይጨመር ወይ ብለን አንድ ሰዓት ተከራክረናል። ያ ክርክር የታኅሣሥ ነበር።

ቀመሩ ሰኔ ላይ ለዜሮ ስለሚያካፍል ስህተት ያወጣል። ከዚያ በኋላ `$A$12-A8` ውስጥ ባለው `$A$12` ፋንታ አዲስ የተስማማችሁበትን ወር አስገባ።

ደረጃ 6፦ ቁጥሩ ውስጥ ያለውን ሥራ እይ

የተገኘ ጊዜ ጠቅላላ ብርን ነው የሚያየው። የትኛው ሥራ እንደተሠራ ግድ የለውም። ወሳኙ ሥራ ቆሞ፣ ብር የሚያወጣ ግን ማንም የማይጠብቀው ሥራ ቢሠራ ቁጥሩ ደህና ይመስላል። ይህ የዘዴው ትልቁ ጉድለት ነው።

ግን ለዚህም መያዣ አለው። የካቲት ላይ 4.9 ወር ካገኘን፣ ዕቅዱ በ4.9 ወር ላይ የትኞቹን ሥራዎች ጨርሶ ነበር? ዝርዝሩን አውጥተህ ሳይት ላይ ካለው ጋር አስተያይ። እኛ ስናስተያይ 0.9 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ የላይኛው ፎቅ ሶሌታ አልተሞላም። ፌሮ ዘግይቶ ነበር። በእሱ ፋንታ ሠራተኛው እንዳይበተን ምድር ቤቱ ልስን ተጀምሯል፣ አጥርም ተገንብቷል፣ እነሱም 0.9 ሚሊዮን አወጡ። ከ9.2 ውስጥ በቅደም ተከተሉ የተሠራው 8.3 ነው፣ 90 በመቶ።

የቀረው 10 በመቶ ክፉ ዜና ነው። ከላይ ሶሌታ ሳይሞላ ከታች የተለሰነ ግድግዳ ውሃ ሲወርድበት ምን እንደሚሆን ፎርማን ሁሉ ያውቃል። ጋሼ «ይሄ ልስን ይፈርሳል» ብሎ ነበር፣ ከፊሉ ተፈርፍሮ ዳግም ተለሰነ። ስለዚህ ይህ መቶኛ ሲወርድ ሁለት ነገር ፈልግ፦ ያልተሠራው ሥራ የታነቀበትን ምክንያት፣ አስቀድሞ የተሠራው ደግሞ የመበላሸት ዕድሉን። የወሳኙን መንገድ መርሐ ግብርም አብረህ ያዝ። የተገኘ ጊዜ እሱን አይተካም።

ሁለት ወጥመዶች

ዕቅዱ ውስጥ ሥራ የሌለበት ወር ካለ፣ ለምሳሌ ሐምሌና ነሐሴ ሆን ተብሎ ተዘግቶ ከሆነ፣ የታቀደው ቁጥር በእነዚያ ወሮች አይለወጥም። የተሠራው ያን ቁጥር በደረሰ ቅጽበት የተገኘው ጊዜ ሁለት ወር ይዘላል። ስህተት አይደለም፣ ግን ያስደነግጣል። ትንበያውም ይዛባል። እንደዚያ ሲሆን የምቆጥረው የሥራ ወሮችን ብቻ ነው፤ መጨረሻ ላይ የተዘጉትን ወደ ቀን መቁጠሪያው እመልሳለሁ።

ሁለተኛው የጊዜ ማራዘሚያ ነው። ማራዘሚያ ሲፈቀድ የዕቅዱን ኩርባ ዘርግቶ አሮጌውን የማጥፋት ልማድ አለ፣ መዘግየቱም በአንድ ሌሊት ይሰወራል። እኔ አሁን ሁለት ዓምድ ነው የምይዘው። አንዱ በመጀመሪያው ዕቅድ፣ ሌላው በተራዘመው። የውል ጥያቄ ሲመጣ ሁለተኛውን አሳያለሁ። ጋሼ ልጆቹ መቼ ይገባሉ ሲለኝ ግን የማየው የመጀመሪያውን ነው። በዚያ ነሐሴ ይህን አስልቼ ቢሆን መልሱ 13.4 ወር ነበር፣ ጥቅምት 12 አካባቢ። ሕንፃውን መስከረም 30 አስረከብን።